የተበላሸ ምጣድና ያልፈለግሁት ረከቦት፦ የመመለሻውን ወጪ ማን ይከፍላል? (ብሪታንያ)

ሰብለ፣ ለንደን

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ እንግሊዝ አገር ካለ አንድ የኢንተርኔት ሱቅ በአንድ ትእዛዝ ሁለት ዕቃ ገዛሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በ145 ፓውንድ፣ የእንጨት ረከቦት በ38 ፓውንድ። ለማድረሻ 9 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ከፈልኩ። ዕቃው ሴፕቴምበር 3 ቀን ቤቴ ደረሰ።

ምጣዱ በአንድ ወገን ይነድዳል፣ በሌላው ወገን አይሞቅም። እንጀራው ግማሹ ዓይን ሲያወጣ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ረከቦቱ ምንም እንከን የለበትም፤ ለሳሎኔ ትልቅ ስለሆነብኝ ብቻ ልመልሰው ነው። ለሱቁ ስጽፍላቸው የመለሱልኝ እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱንም ዕቃ በራስዎ ወጪ ይላኩልን። እጃችን እስኪገባ ድረስ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው። እንደደረሰን ገንዘብዎን እንመልሳለን።»

ለምጣዱ ብቻ አንድ አጓጓዥ 19 ፓውንድ ጠይቆኛል። የተበላሸ ዕቃ ልከውልኝ መመለሻውን እኔ የምከፍለው በምን ሕግ ነው? «አልደረሰንም» ቢሉኝስ ምን ይዤ ልከራከር?

ዳዊት፣ ማንቸስተር

እህቴ ሰብለ፣ ምንም አትጨነቂ። እዚህ አገር በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ይመለሳል፤ የመመለሻውንም የሚከፍለው ሻጩ ነው። እኔ ሁልጊዜ ልብስ እመልሳለሁ፣ አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም። ሁለቱንም በአንድ ካርቶን አድርገሽ ላኪና ደረሰኙን ላኪላቸው።

አዜብ፣ ሸፊልድ

ዳዊት፣ የመጀመሪያው ትክክል ነው፤ ሁለተኛው ግን ትክክል አይደለም። አንተ የምትገዛባቸው የልብስ ሱቆች መመለሻውን የሚከፍሉት ደንበኛ ለመሳብ ብለው በራሳቸው ፈቃድ ነው። ሕጉ አያስገድዳቸውም። ብዙዎቹም አሁን ከሚመልሱት ገንዘብ ላይ የመመለሻ ክፍያ መቀነስ ጀምረዋል።

ወ/ሮ ሰብለ፣ እኔ በሸማቾች ምክር አገልግሎት በበጎ ፈቃድ ስሠራ ብዙ ጊዜ ያየሁት ስህተት ሁለት የተለያየ ጉዳይ በአንድ ካርቶንና በአንድ ደብዳቤ መጠቅለል ነው። የእርስዎ ምጣድና ረከቦት በአንድ ትእዛዝ ቢመጡም የሚተዳደሩት በሁለት የተለያዩ ሕጎች ነው። ስለዚህ ለየብቻ ልያዛቸው።

በረከቦቱ ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ሐሳብዎን ቀየሩ። ይህንን የሚመለከተው የ2013 የሸማቾች ውል ደንብ ነው። ዕቃው እጅዎ ከገባ ማግስት ጀምሮ 14 ቀን አለዎት፤ ስለዚህ እስከ ሴፕቴምበር 17 ማታ ድረስ «ውሉን ሰርዣለሁ» ብለው በጽሑፍ ማሳወቅ ይችላሉ። ካሳወቁ በኋላ ዕቃውን ለመላክ ሌላ 14 ቀን ይኖርዎታል። የመመለሻውን ወጪ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ከዚህ ነፃ የሚያወጣዎት ሻጩ «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ከሆነ፣ ወይም ከመግዛትዎ በፊት የመመለሻው ወጪ በገዢው ላይ መሆኑን ሳይነግርዎት ቀርቶ ከሆነ ነው። የትእዛዙን ማረጋገጫ ኢሜይልና የሱቁን የመመለሻ ገጽ አንብቡ። ስለ መመለሻ ወጪ አንድም ቃል ካላገኙ ለረከቦቱም የሚከፍለው ሻጩ ይሆናል።

ምጣዱ ግን ሌላ ነው። እሱን የሚመለከተው የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ነው። የተበላሸ ዕቃ ከተረከቡበት ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ አልቀበልም ብሎ ሙሉ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። ተገቢ የሆነውን የመመለሻ ወጪ ሻጩ እንዲሸከም ሕጉ በግልጽ ጽፏል። ሻጩ የማይሸከመው ከሱቅ በእጃችሁ የገዛችሁትን ወደዚያው ሱቅ በራሳችሁ እግር ስትመልሱ የምታወጡት የትራንስፖርት ወጪ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ጉዳይ ያ አይደለም። እንዲያውም በውሉ ላይ «ገዢው ይልካል» የሚል ስምምነት ከሌለ የእርስዎ ግዴታ ምጣዱን አሽጎ «መጥታችሁ ውሰዱ» ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ 19 ፓውንዱን አይክፈሉ። እንዲህ ብለው ይጻፉላቸው፦ «ምጣዱ የተበላሸ ስለሆነ አልቀበለውም። የምትወስዱበትን ቀን አሳውቁኝ፤ ወይም የተከፈለበት የአድራሻ ወረቀት ላኩልኝ።»

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በመመለሻ ቅጹ ላይ ምክንያት ምረጡ የሚል ሳጥን አለ። ብዙ ሰው ለመገላገል ብሎ «አልፈልገውም» የሚለውን ይጫናል። እሱን ከተጫኑ የተበላሸውን ዕቃ በገዛ እጅዎ ወደ ረከቦቱ ተራ አወረዱት ማለት ነው፤ ወጪውም ወደ እርስዎ ይዞራል። «ጉድለት አለበት» የሚለውን ይምረጡና የስክሪኑን ፎቶ ያስቀሩ።

ሰብለ፣ ለንደን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ግን ምጣዱን ለመሞከር እንጀራ ጋግሬበታለሁ። «ተጠቅመሽበታል» ቢሉኝስ?

አዜብ፣ ሸፊልድ

ለተበላሸ ዕቃ ያ ሰበብ አይሆንም። ሳይጋግሩበት ጉድለቱን እንዴት ያውቁት ነበር? መጠቀም የሚያስከትለው ቅናሽ ሐሳብ በመቀየር በሚመለስ ዕቃ ላይ ነው። ረከቦቱ ላይ ቡና አፍልተውበት ቢያበላሹት ሻጩ ከዋጋው የጎደለውን ያህል መቀነስ ይችላል። ከሳጥኑ አውጥቶ ማየትና መለካት ግን ምንም አያስቀንስም።

ለምጣዱ የሚያስፈልግዎት ማስረጃ ነው። በመጀመሪያው 30 ቀን ጉድለቱ መኖሩን የማሳየት ሸክም በገዢው ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ይህንን አያውቅም። ስለዚህ ምጣዱን በሙሉ ኃይሉ አብርተው በአራቱም ማዕዘን ትንሽ ትንሽ ውኃ ይርጩና በስልክ ይቅረጹ። አንዱ ወገን ላይ ውኃው ቶሎ ሲተን ሌላው ላይ ቁጭ ብሎ ሲቀር ይታያል። ግማሹ ሊጥ የሆነውንም እንጀራ ፎቶ ያንሡ። የምጣዱን መለያ ቁጥር የያዘው ተለጣፊም በፎቶው ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ የሌላ ምጣድ ፎቶ ነው ሊሉ ይችላሉ።

ካሳሁን፣ ብራይተን

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ለእናቴ አዲስ አበባ ስልክ በፖስታ ልኬ ሦስት ወር ሆነው፤ እስካሁን አልደረሰም። ፖስታ ቤቱ ገንዘቤን መመለስ የለበትም? ደረሰኙ በእጄ ነው።

ተፈራ፣ ኮቨንትሪ

ወንድሜ ካሳሁን፣ ያንተ ጉዳይ ዕቃ መመለስ አይደለም፤ የጠፋ ጥቅል የካሳ ጥያቄ ነው። ሻጭ የለበትም፣ ስለዚህ እዚህ የተነሡት ሕጎች አይመለከቱህም። የካሳ ጥያቄው የሚቀርበው በላከልህ ድርጅት ዘንድ ነው፤ የጊዜ ገደብ ስላለው ዛሬውኑ ሂድ። ጥያቄህን ለብቻው በሌላ ርዕስ ክፈተው፣ እዚያ እመልስልሃለሁ።

አሁን ወደ ሰብለ ልመለስ። እኔ ለዓመታት በፖስታ ቤት ባንኮኒ ሠርቻለሁ። ስለ ደረሰኙ የምናገረው በዓይኔ ስላየሁት ነው።

ባንኮኒ ላይ የሚሰጠው የመላኪያ ማረጋገጫ ነፃ ነው። ሆኖም ሰው ሁሉ የሚወስደው የክፍያ ደረሰኝ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የክፍያ ደረሰኝ «ይህን ያህል ፓውንድ ተከፍሏል» ይላል። የመላኪያ ማረጋገጫ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ክብደቱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥቅሉ የሚሄድበትን የቤት ቁጥርና ፖስት ኮድ ይይዛል። ወረቀቱን ከባንኮኒው ሳትርቁ አንብቡ። ፖስት ኮዱ በአንድ ፊደል ከተሳሳተ ያ ወረቀት ወደ ሻጩ ስለመላኩ ምንም አይናገርም። ጥቅሉ ከረጢት ውስጥ ከገባ በኋላ «ማረጋገጫ ስጡኝ» ተብሎ ተመልሶ ቢመጣ እኛ ያላየነውን መመስከር አንችልም።

ክብደቱን ሰዎች አያስተውሉትም። ሻጩ «ባዶ ሳጥን ነው የደረሰኝ» ሲል የሚከራከርላችሁ እሱ ነው። ረከቦቱ 3 ኪሎ ከሆነ፣ ደረሰኙም 3 ኪሎ ከ200 ግራም ካለ፣ ባዶ ሳጥን እንዳልላካችሁ ማሽኑ መዝግቦታል።

ሌላው ወረቀቱ ራሱ ነው። በሙቀት የሚታተም ስለሆነ መስኮት አጠገብ ወይም የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ከተተወ በሳምንታት ውስጥ ይነጣል። የዚያኑ ቀን ፎቶ አንሡት፤ ዋናውን ወረቀትም አትጣሉት።

የአገልግሎቱን ዓይነት ስትመርጡም ካሳውን እዩ። በሮያል ሜይል ተራው አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ፖስታ ቢጠፋ የሚከፈለው ካሳ እስከ 20 ፓውንድ ብቻ ነው። ለ38 ፓውንድ ረከቦት ይህ አይበቃም። የመከታተያ ቁጥር ያለውን ውሰጂ። ለውድ ዕቃ እስከ 750 ፓውንድ የሚሸፍን ስፔሻል ዴሊቨሪ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ለረከቦት ግን ያን ያህል ማውጣት ብክነት ነው። በአገር ውስጥ የጠፋ ጥቅል ጥያቄ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ80 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት።

ምጣዱን በተመለከተ ደግሞ በሮያል ሜይል ለመላክ እንዳትለፉ። በተራው አገልግሎት ትልቁ የሚቀበሉት ጥቅል 61 በ46 በ46 ሴንቲ ሜትር ነው። የምጣድ ሳጥን ሁለቱም ጎኑ ከ50 ስለሚያልፍ ክብደቱ ቢፈቀድም አይገባም። የሚወስደው አጓጓዥ ነው የሚሆነው።

ሙና፣ ሌስተር

እኔ ከሻጮቹ ወገን ነኝ። ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት እሸጣለሁ። የምትሉትን ሁሉ አከብራለሁ፣ ግን የእኛንም ጎን ስሙ። አንዲት ደንበኛ የ90 ፓውንድ ቀሚስ መልሻለሁ ብላ የደረሰኝ ፎቶ ላከችልኝ። የመከታተያ ቁጥር የለውም። ቀሚሱ እስከዛሬ አልደረሰኝም። ዕቃዬም ሄደ፣ ገንዘቡም ሂድ ሊባል ነው? እኔ በድረ ገጼ ላይ «እስኪደርሰኝ ኃላፊነቱ የገዢው ነው» ብዬ ጽፌአለሁ።

ሌላም ልጨምር። የሚመለሱት ጥቅሎች ሩቡ ያህል ስም የላቸውም። ከውስጥ የትእዛዝ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ብታስገቡ እኔም በዚያው ቀን እከፍላለሁ፤ እናንተም አትጠብቁም።

አዜብ፣ ሸፊልድ

ሙና፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ በቀላሉ አልመልሰውም። ደንበኛሽ ሐሳቧን ቀይራ ከሆነ ደንቡ የሚለው ይህን ነው፦ ገንዘቡ የሚመለሰው ዕቃው በደረሰሽ በ14 ቀን ውስጥ፣ ወይም ዕቃውን መላኳን የሚያሳይ ማስረጃ ባቀረበችልሽ በ14 ቀን ውስጥ ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይወሰዳል። ልብ በይ፣ «መድረሱን» ሳይሆን «መላኩን» ነው የሚለው። ስለዚህ ያ ነፃ የሚሰጥ ወረቀት ለአንቺ የክፍያ ቀንሽን ያስጀምረዋል። «እስኪደርሰኝ አልከፍልም» የሚለው የድረ ገጽሽ ጽሑፍ ይህንን ቀን ሊያራዝመው አይችልም።

ዕቃው በመንገድ ቢጠፋ በመጨረሻ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል የሚለውን ግን ደንቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፈውም። ገንዘቡን ከከፈልሽ በኋላ ገዢዋን ትጠይቂያለሽ የሚሉ አሉ። ማስረጃ እስካቀረበች ገዢዋ የድርሻዋን ጨርሳለች የሚሉም አሉ። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ፍርድ ቤት ግን እያንዳንዱን ጉዳይ በራሱ ያያል።

መፍትሔው በእጅሽ ነው። የተከፈለበትና የመከታተያ ቁጥር ያለው የአድራሻ ወረቀት ራስሽ ላኪላቸውና ዋጋውን ከተመላሹ ላይ ቀንሺ፤ ይህንንም ከመሸጥሽ በፊት በግልጽ ጻፊው። ያኔ ከአጓጓዡ ጋር ውል ያለሽ አንቺ ስለሆንሽ ቢጠፋ ካሳውን የምትጠይቂውም አንቺ ነሽ።

ሙና፣ ሌስተር

ይህ ለትልልቅ ሱቆች ይሆናል። እኔ በወር ጥቂት ቀሚስ ነው የምሸጠው፤ አጓጓዦቹ ለእኔ ቅናሽ አያደርጉም። ያም ሆኖ ሐሳቡን እሞክረዋለሁ። በኪሳራው ጉዳይ ግን አልተስማማሁም።

ብሩክ፣ ቨርጂኒያ

እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት ገዝተህ ሐሳብህን ስትቀይር ሻጩ እንዲመልስልህ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ሁሉም በሻጩ መመሪያ ነው፤ አንዳንድ ግዛቶች መመሪያው በግልጽ እንዲለጠፍ ያስገድዳሉ። የሦስት ቀን የመሰረዝ መብት አለ የሚሉ ሰዎች የሚያወሩት ቤት ድረስ መጥቶ ስለሚሸጥ ነጋዴ ነው። እዚህም ፖስታ ቤት የመላኪያ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ሆኖም በክፍያ ነው፣ መድረሱንም አይናገርም።

ዳዊት፣ ማንቸስተር

አዜብ፣ ስለ ማረሚያው አመሰግናለሁ። ግን አንድ አልገባኝም። ወ/ሮ ሰብለ 9 ፓውንድ ከ50 የከፈለችው የመጀመሪያ ማድረሻስ ይመለሳል?

አዜብ፣ ሸፊልድ

ይመለሳል። ሁለቱንም ዕቃ ስለምትመልስና ከትእዛዙ የምታስቀረው ስለሌለ ተራው የማድረሻ ዋጋ አብሮ ይመለሳል። የተፋጠነ ማድረሻ መርጣ ብዙ ከፍላ ቢሆን ኖሮ ለሐሳብ መቀየር የሚመለሰው የተራውን ያህል ብቻ ነበር። አንዱን ዕቃ አስቀርታ ቢሆን ደግሞ ክርክር ውስጥ በገባች ነበር።

ስለዚህ ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል፦ 145 ለምጣዱ፣ 38 ለረከቦቱ፣ 9 ከ50 ለማድረሻ፤ ድምሩ 192 ፓውንድ ከ50። ከእርስዎ ኪስ የሚወጣው ረከቦቱን የሚልኩበት ብቻ ነው።

ሰብለ፣ ለንደን

ያላችሁኝን አድርጌአለሁ፤ ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ሴፕቴምበር 11 ሁለት ኢሜይል ለየብቻ ላክሁ። በአንዱ ረከቦቱን ሰርዣለሁ አልኩ፣ በሌላው ምጣዱን በጉድለቱ ምክንያት አልቀበልም፣ መጥታችሁ ውሰዱ አልኩና ቪዲዮውን አያያዝሁ። ስለ ምጣዱ በማግስቱ መልስ መጣ፤ ጉድለቱን ተቀበሉ፣ አጓጓዥ ልከውም ወሰዱት። ሾፌሩ ሳጥኑን አንሥቶ ሊሄድ ሲል «በፊቴ ስካን አድርግልኝ» አልኩት። መጀመሪያ «መኪናው ውስጥ አደርገዋለሁ» ብሎ ነበር፤ ደጃፌ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ስካን አድርጎ የቁጥሩን ወረቀት ሰጠኝ።

ረከቦቱን ሴፕቴምበር 13 ከፖስታ ቤት ላክሁ። የአቶ ተፈራን ምክር አስታውሼ ወረቀቱን እዚያው ሳነበው የሱቁ ቤት ቁጥር ሳይገባ ፖስት ኮዱ ብቻ ነበረበት፤ ልጅቷ ቁጥሩን አስገብታ እንደገና አወጣችልኝ። የትእዛዝ ቁጥሩንም ከውስጥ አስገባሁ፣ ለሙና ስል። ፎቶውን የዚያኑ ቀን በኢሜይል ላክሁላቸው። እነሱ ግን «ሲደርሰን እንከፍላለን» ማለቱን አልተዉም።

ተፈራ፣ ኮቨንትሪ

ሾፌሩን ማቆምሽ ትልቅ ነገር ነው። ከደጅ ተወስዶ መጋዘን እስኪደርስ ስካን ያልተደረገ ጥቅል በመካከል ቢጠፋ አጓጓዡ «አልተረከብንም» ይላል።

አዜብ፣ ሸፊልድ

ለረከቦቱ የመጨረሻ ቀናቸው ሴፕቴምበር 27 ነው። ለምጣዱ ደግሞ ገንዘቡ እንደሚገባዎት ከተቀበሉበት ቀን የሚቆጠር 14 ቀን አላቸው። ቀኑ ካለፈ አንድ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ ሁለቱን ሕጎች በስማቸውና በዓመታቸው ይጥቀሱ፣ የደረሰኙን ፎቶ ያያይዙ፣ መልስ የሚጠብቁበትን ቀን ይጻፉ። በምን ካርድ ነበር የከፈሉት? በክሬዲት ካርድ ከሆነ የምጣዱ ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ስለሆነ የካርዱ ባንክም ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። ረከቦቱ ከ100 በታች ስለሆነ በዚያ መንገድ አይሄድም፤ ባንኩ ግብይቱን እንዲቀለብስ መጠየቅ ግን ይቻላል።

ሰብለ፣ ለንደን

በዴቢት ካርድ ነው የከፈልኩት።

አዜብ፣ ሸፊልድ

እንግዲያው በባንኩ በኩል ለሁለቱም ግብይቱን ማስቀልበስ ብቻ ነው ያለዎት። ባንኩ የሚጠይቅዎት መጀመሪያ የመላኪያ ማስረጃውን ነው፤ ፎቶው ካለዎት በቂ ነው። ጊዜው ውስን ስለሆነ ከ27 በኋላ አይዘግዩ።

ፍሬሕይወት፣ ካርዲፍ

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ላክልበት። እኔ የገዛሁት ከግለሰብ ነው፤ ያገለገለ የሕፃን ጋሪ። «ደህና ነው» ብላኝ ጎማው የማይዞር ሆኖ ተገኘ። ይህ 14 ቀን ለእኔም ይሠራል?

አዜብ፣ ሸፊልድ

አይሠራም። ሁለቱም ሕጎች የሚሠሩት ሻጩ ነጋዴ ሲሆን ነው። ከግለሰብ ሲገዛ ዕቃው በተነገረው መሠረት መሆን ብቻ ነው የሚጠበቀው። የተነገረሽን በጽሑፍ ይዘሽ ከሆነ ክርክር አለሽ። የገዛሽበት ድረ ገጽ የራሱ የገዢ ጥበቃ ካለው መጀመሪያ በዚያ ክፈቺው፤ ብዙዎቹ «እንደተገለጸው አይደለም» ሲባል መመለሻውን በሻጩ ላይ ያደርጋሉ። ማስታወቂያውን ግን አሁኑኑ ፎቶ አንሺው፤ ሻጯ ልታነሣው ትችላለች።